መጀመሪያ አታጥፉት

ይህ ባለፈው ቅዳሜ በሰፈራችን ወጣት ማዕከል የተናገርኩት ነው። የመጡት አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ፤ ጥቂት እናቶችና ሁለት አስተማሪዎችም ነበሩ። «በጽሑፍ ይሁንልን» ስላላችሁኝ አሰናድቼዋለሁ። እዚያው የተነሱትን ጥያቄዎችም በየቦታቸው አስገብቻቸዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቲክቶክ ላይ የለጠፋችሁት፣ ወይም ሌላ ሰው እናንተን ቀርጾ የለጠፈው የሚያሳፍር ቪዲዮ እንዴት ይነሳል? «ዲሊት ይላል፣ ትጫነዋለህ፣ አለቀ» የምትሉ አላችሁ። አላለቀም። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያች ላይ ነው። ቶሎ ብሎ በማጥፋቱ ነው የሚሳሳተው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የልጅቷን ስም አልጠራም፣ እሷም እናቷም ፈቅደውልኛል።

ጎረቤቴ ናት፣ 18 ዓመቷ። የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣ ሌሊት ሳይሳካላት ቀረ። ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ እያለቀሰች 43 ሰከንድ ቪዲዮ ቀረጸች። «እናቴ እንጀራ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ፣ አሁን ምን ብዬ ልነግራት ነው» ትላለች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ይታያል፣ ከኋላዋ የእናቷ ምጣድ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ለጓደኞቿ ብላ ነው የለጠፈችው፣ ግን አካውንቷ ክፍት ነበር። ጠዋት ስትነቃ ሰው አብሯት አልቅሶላታል፣ ሰው ስቆባታል። የሳቁት ከቪዲዮዋ ጎን ራሳቸውን ቀርጸው ዱዌት ሠርተዋል። እናትየውን ገበያ ላይ «ልጅሽ ቲክቶክ ላይ ወጥታለች» ያሏት በማግስቱ ነው።

ልጅቷ ምን አደረገች? ደነገጠች። መጀመሪያ ቪዲዮውን አጠፋችው። ያ አልበቃትም፣ አካውንቷንም እንዲጠፋ አመለከተች። ከዚያ ስልኳን ዘጋች። በሦስተኛው ቀን እናቷ በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ እባክህ ድረስልኝ፣ አጥፍታዋለች ግን አሁንም እያዩት ነው» አሉኝ።

ይህን አረፍተ ነገር ያዙት። አጥፍታዋለች፣ ግን አሁንም እያዩት ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ካወቃችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

አንድ ቪዲዮ ብላችሁ የምታስቡት ነገር ብዙ ነው። ድራፍቱ አለ፣ ቀርጻችሁ ያልለጠፋችሁት። የተለጠፈው አለ። ሪፖስት አለ። ቅጂው አለ። አራቱ የሚቀመጡት የተለያየ ቦታ ነው፣ የሚጠፉትም በተለያየ መንገድ ነው።

ከድራፍት ልጀምር፣ ምክንያቱም አጭር ነው። ድራፍት ቲክቶክ ጋ የለም። ስልካችሁ ውስጥ፣ አፑ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ሌላ ስልክ ላይ በዚያው አካውንት ብትገቡ አታገኙትም። አፑን ከስልካችሁ ብታነሱት ደግሞ ድራፍቶቹ አብረው ይጠፋሉ፣ መልሶ ማምጣትም የለም። እንግዲህ ድራፍትን ማጥፋት ቀላል ነው፤ ፕሮፋይላችሁ ላይ `Drafts` የሚለውን ከፍታችሁ፣ `Select` ብላችሁ፣ የማትፈልጉትን መርጣችሁ `Delete`። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ስልክ ጥገና ስትሰጡ፣ ለወንድማችሁ ስታወርሱ፣ ስትሸጡ ድራፍቱ ከስልኩ ጋር ይሄዳል። «አልለጠፍኩትም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ስልክ ለጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት ድራፍት ውስጥ ግቡና እዩ። ስትለጥፉ ወደ ስልክ አስቀምጥ የሚለውን ካልነካችሁት ጋለሪያችሁም ውስጥ ቅጂ ሊኖር ይችላል። ጋለሪው በጉግል ፎቶስ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ያጠፋችሁት ነገር ትራሽ ውስጥ እስከ 60 ቀን ይቆያል፣ ስለዚህ ከትራሹም ማጥፋት አለባችሁ። አንዲት እናት «የልጄን የድሮ ስልክ ለአረብ አገር ዘመድ ልሰጥ ነው» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እንዲህ ነው የምለው፦ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን አውጡ፣ ከዚያ ስልኩን ከስር ሪሴት አድርጉ፣ አፑን ብቻ ማንሳት ለድራፍቱ ይበቃል፣ ለጋለሪው ግን አይበቃም።

አሁን ወደ ሪፖስት። ሪፖስት ብዙዎችን የሚያስፈራው ከስሙ የተነሳ ነው። አትፍሩት። ሪፖስት ቅጂ አይደለም። ያ ሰው የእናንተን ቪዲዮ ለተከታዮቹ «እዩት» ብሎ መጠቆሙ ነው፣ ቪዲዮው ያው የእናንተው ነው። እናንተ ዋናውን ብታጠፉት ወይም ለራሳችሁ ብቻ ብታደርጉት፣ 10 ሰውም ይሁን 10,000 ሰው ሪፖስት ያደረገው ባዶ ይሆናል። ሰዉን አንድ በአንድ መለመን አያስፈልግም። እናንተ ራሳችሁ የሌላ ሰው ቪዲዮ ሪፖስት አድርጋችሁ ከተጸጸታችሁ፣ ቪዲዮውን ከፍታችሁ ሼር የሚለውን ቀስት ስትጫኑ `Remove repost` ታገኛላችሁ። ሪፖስት ይኸው ነው፣ እናልፈዋለን።

ከባዱ ቅጂው ነው። እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማወራው።

ቅጂ ማለት ሌላ ሰው በራሱ አካውንት የለጠፈው ቪዲዮ ነው። ዱዌት አንዱ ነው፤ የእናንተ ቪዲዮ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል። ስቲች ሁለተኛው ነው፤ ከእናንተ ቪዲዮ ጥቂት ሰከንድ ቆርጦ ከራሱ ጋር ያያይዘዋል። ሦስተኛው ድምፃችሁን ብቻ ወስዶ በራሱ ፊት ላይ ማድረግ ነው። የመጨረሻው ዳውንሎድ አድርጎ ወይም ስክሪን ሪከርድ አድርጎ እንደ አዲስ መልሶ መለጠፍ ነው። እነዚህ ሁሉ ከዋናው ጋር የሚያስራቸው ገመድ የለም። ዋናውን ብታጠፉት እነሱ ይቀጥላሉ። ለዚህ ነው እናትየው «አጥፍታዋለች፣ ግን እያዩት ነው» ያሉት።

ታዲያ ለምንድነው መጀመሪያ አታጥፉት የምለው? ቅጂዎቹን የምታስነሱት ቪዲዮው የእናንተ መሆኑን እያሳያችሁ ነው። ዋናው ከሌለ፣ ሊንኩ ከሌለ፣ አካውንቱ ከሌለ «ይሄ የኔ ነው» የሚል የቀረ ነገር የለም። ቀድሞ ያጠፋ ሰው ማስረጃውን ነው ያጠፋው።

ስለዚህ ማጥፋት ሳይሆን መደበቅ ነው የመጀመሪያው ሥራ። ቪዲዮውን ከፈታችሁ፣ ሦስቱን ነጥብ ተጫናችሁ፣ `Privacy settings` ትገባላችሁ፣ ማን ማየት ይችላል የሚለውን `Only you` ታደርጋላችሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዋናው ለማንም አይታይም፣ ሪፖስቱ ሁሉ ባዶ ይሆናል፣ የተላከው ሊንክም አይከፍትም። ግን እናንተ ጋ አለ። ልጅቷ ይህን አንድ ነገር ብታደርግ ኖሮ ሦስት ቀን ይተርፍ ነበር።

እሷ ጋ ስሄድ ግን ቪዲዮውም አካውንቱም የለም። ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል፣ አያስቆርጥም። ቲክቶክ አካውንት አጥፋልኝ ስትሉት ወዲያው አያጠፋም፣ ለ30 ቀን አቦዝኖ ያቆየዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በስማችሁና በፓስዎርዳችሁ ብትገቡ ይመለሳል። ገባን፣ ተመለሰ። ወዲያው አካውንቱን ፕራይቬት አደረግነው፣ ቪዲዮው ሲመለስ እንደገና ለሰው እንዳይታይ። ከዚያ `Settings and privacy` ውስጥ `Activity center` የሚለውን ከፍተን `Recently deleted` ገባን። ቪዲዮው እዚያ ነበር። የጠፋ ቪዲዮም ለ30 ቀን እዚያ ይቆያል። መለስነው፣ `Only you` አደረግነው። ያኔ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች።

አንድ ልጅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ «እና ፓስዎርዱን ብትረሳውስ?» ብሎኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ በስልክ ቁጥሯ ወይም በኢሜይሏ ነው የምትገባው፣ ለዚህ ነው ሲሙ የተለወጠ ሰው አካውንቱ ላይ ያለውን ቁጥር ቶሎ መቀየር ያለበት።

ቀጥሎ ቆጠራ ነው። አንድ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። ገጹን ወደ ታች ከፋፍለን በአንድ በኩል ሊንክ፣ በሌላ በኩል ምን ዓይነት ቅጂ እንደሆነ፣ ከዚያ የለጠፈው ሰው የሚታወቅ ይሁን የማይታወቅ ጻፍን። ስክሪንሾትም አነሳን፣ ሰዓቱና የአካውንቱ ስም እንዲታይ አድርገን።

ቅጂ እንዴት ይገኛል? ዱዌትና ስቲች ሲሠሩ ጽሑፉ ላይ ብዙ ጊዜ በራሱ `#duet with @` እና የእናንተ ስም ይገባል፤ ስቲችም እንደዚያው `#stitch with @`። ስለዚህ ፍለጋው ላይ ስማችሁን ከእነዚህ ጋር ጻፉ። ድምፁን የወሰዱትን ለማግኘት ደግሞ ቪዲዮው ስር በቀኝ በኩል የምትሽከረከረውን ክብ ተጫኑ፤ የድምፁ ገጽ ይከፈታል፣ በዚያ ድምፅ የተሠራው ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። ዳውንሎድ ተደርጎ መልሶ የተለጠፈው ግን በዚህ አይገኝም፣ ምክንያቱም አዲስ ድምፅ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። እሱን በቃላት ነው የምትፈልጉት። እኛ «እንጀራ ሸጣ» ብለን ስንፈልግ ሦስት አገኘን፣ አራተኛውን ጓደኛዋ አየች። ዳውንሎድ የተደረገ ቪዲዮ ላይ የቲክቶክ ምልክትና የእናንተ ስም ጥግ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያ ካልተቆረጠ ለእናንተ ማስረጃ ነው።

ሊንኩን ስትይዙ አጭሩን አትያዙ፣ ከተከፈተ በኋላ በብሮውዘር የሚታየውን ረጅሙን ያዙ። እንዲህ ይመስላል፦

```
https://www.tiktok.com/@username/video/7301234567890123456
```

መጨረሻ ላይ ያለው ረጅም ቁጥር የቪዲዮው መታወቂያ ነው። ሰውየው ስሙን ቢቀይር እንኳን ቁጥሩ አይቀየርም። ሌላም ጥቅም አለው። ቁጥሩ የተሠራው ከተለጠፈበት ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ የተለጠፈ ቪዲዮ ቁጥሩ ያንሳል። ልጅቷና መልሶ የለጠፈው ሰው ቁጥራቸውን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ማን ቀደመ የሚለው ያለ ክርክር ይታያል። ለዚህም ነው ዋናውን አታጥፉት የምለው።

በቆጠራው ቲክቶክ ላይ 13 ቅጂ አገኘን፦ 5 ዱዌት፣ 2 ስቲች፣ 2 ድምፁን የወሰዱ፣ 4 መልሰው የለጠፉ። ከቲክቶክ ውጪ ደግሞ ሦስት የቴሌግራም ቻናል፣ አንድ ዩቲዩብ ሾርትስ። በአጠቃላይ 17። ልጅቷ ሺህ መስሏት ነበር። ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ስንት እንደሆነ ሳታውቁ መፍራት ከባድ ነው።

አሁን የማስነሳቱ ሥራ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም በአንድ መንገድ ሪፖርት በማድረግ ነው። 50 ጓደኛ ሰብስቦ «ሪፖርት አድርጉልኝ» ይላል። ሪፖርት በብዛት አይሠራም፣ በምክንያት ነው የሚሠራው። እንዲያውም ጓደኞቻችሁ ቪዲዮው ስር ገብተው ሲሳደቡ እይታው ይጨምራል፣ አፑም «ሰው ወዶታል» ብሎ ለሌላ ሰው ያሳየዋል። ማንም እዚያ ኮሜንት እንዳይጽፍ ንገሩ። ይህን በጣም አደራ እላለሁ።

መልሰው የለጠፉት አራቱ ላይ የቅጂ መብት ነው የተጠቀምነው። ቪዲዮውን የቀረጸችው እሷ ናት፣ ስለዚህ መብቱ የእሷ ነው፣ የትም መመዝገብ አያስፈልገውም። አቤቱታው የሚቀርበው እዚህ ነው፦

```
https://www.tiktok.com/legal/report/Copyright
```

ስም፣ አድራሻ፣ የዋናው ሊንክና የቅጂው ሊንክ ይጠይቃል። አንድ ነገር ግን ከመሙላታችሁ በፊት እወቁ። ቅጂውን ለለጠፈው ሰው የእናንተ ስምና ኢሜይል ሊደርሰው ይችላል። ለዚህ ስንል ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚሆን አዲስ ኢሜይል ከፈትንላት። ስሟ ግን እውነተኛው መሆን አለበት፣ በሐሰት ስም አቤቱታ አይቀርብም። የሚያስፈራችሁ ሰው ከሆነ ደግሞ ይህን መንገድ ተዉትና በሌላው ሂዱ። እኛ አራቱንም አስገባን፣ አራቱም ተነሱ።

ዱዌት ላይ ግን የቅጂ መብት ይደክማል። ለምን? አካውንታችሁ ዱዌት ፍቀድ ብሎ ክፍት ከነበረ፣ ሌላው ሰው እንዲጠቀምበት እናንተው ፈቅዳችኋል ማለት ነው። ስለዚህ ዱዌትና ስቲች ላይ ምክንያቱ «የኔ ነው» ሳይሆን «እያዋረደኝ ነው» መሆን አለበት። ቪዲዮውን ተጭናችሁ ስትይዙ `Report` ይመጣል፣ ከዝርዝሩ ስድብና ማዋረድን የሚመለከተውን ትመርጣላችሁ።

ግን ከዚያ በፊት ደብተሩን አየን። ከአምስቱ ዱዌት ሦስቱ የክፍሏ ልጆች ናቸው። ለሚታወቅ ሰው ሪፖርት ከማድረግ በፊት መልእክት ይቀድማል። ልጅቷ መጀመሪያ የጻፈችው ስድብ ነበር፣ አስቀየርኳት። የላከችው ይኸን ነው፦ «ሰላም፣ ዱዌትህን አይቼዋለሁ። እናቴ ገበያ ላይ ሰው እየሳቀባት ነው። እባክህ አጥፋልኝ። ለማንም አልናገርም።» ሦስቱም በአንድ ቀን አጠፉት። አንዱ እንዲያውም «እናትሽ መሆኗን አላሰብኩም ነበር» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ለማታውቁት ሰው ግን እንዲህ አትጻፉ፤ መጨነቃችሁን ካየ ገንዘብ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ገንዘብ የጠየቀ ካለ አትክፈሉ፣ ንግግሩን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ። በቪዲዮ ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

የቀሩትን ሁለት ዱዌቶችና ሁለት ስቲቾች ሪፖርት አደረግን። ሦስቱ ተነሱ። አንዱ ላይ «ደንብ አልጣሰም» የሚል መልስ መጣ። ሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። ሌላ በር አለ፣ የግላዊነት አቤቱታ፦

```
https://www.tiktok.com/legal/report/privacy
```

እዚህ የምትሉት «እኔ በዚህ ቪዲዮ ውስጥ አለሁ፣ ፊቴ ይታያል፣ አልፈቀድኩም» ነው። በስንተኛው ሰከንድ እንደምትታዩ፣ ምን ለይቶ እንደሚያሳውቃችሁ በግልጽ ጻፉ። እኛ «ከ4ኛው እስከ 19ኛው ሰከንድ ፊቴ ሙሉ ይታያል፣ የምኖርበት ሰፈርም ይጠራል» ብለን ጻፍን። ተነሳ። ተመሳሳይ ቪዲዮ፣ የተለየ ምክንያት፣ የተለየ መልስ።

ድምፁን የወሰዱት ሁለቱስ? ፊቷ እዚያ ስለሌለ ግላዊነት ብዙ አይረዳም። እዚህ ግን የቅጂ መብት ይሠራል፣ ድምፁን የቀረጸችው እሷ ናትና። የድምፁን ገጽ ራሱን ሪፖርት አደረግነው። ድምፅ ሲነሳ ቪዲዮዎቹ ይቀራሉ፣ ግን ዝም ያሉ ይሆናሉ። ከንፈር ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሰው ማንም አያይም።

አንዲት ተማሪ «እኔን ሌላ ሰው ነው የቀረጸኝ፣ ሠርግ ላይ ስጨፍር» አለችኝ። ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሌላ ሰው ከቀረጻችሁ፣ መብቱ የቀረጸው ሰው ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። የቅጂ መብት አቤቱታ በእናንተ ስም አይሠራም። ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የግላዊነት መንገድ፣ እሱ ለምትታዩት ለእናንተ የተከፈተ ነው። ሁለተኛው የቀረጸውን ሰው ማግኘት ነው። ዘመድ ከሆነ፣ የሠርጉ ቪዲዮ አንሺ ከሆነ፣ እሱ ራሱ የቅጂ መብት አቤቱታ ቢያቀርብ ያስነሳል። ብዙ ጊዜ የቀረጸው የአጎታችሁ ልጅ ነው፣ የለጠፈው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ያኔ የአጎታችሁ ልጅ ትልቁ ረዳታችሁ ነው። በሕጋችንም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 የሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። ታዋቂ ሰውና በአደባባይ የተደረገ ነገር ላይ ግን የተለየ ነገር ስላለው፣ ሠርጉ በግቢ ውስጥ ይሁን በመንገድ ላይ ይለያል። ቲክቶክ ያን ሕግ አይቶ አያነሳም፣ ለፍርድ ቤት ነው የሚሆነው።

ራቁት ወይም የወሲብ ምስል ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ፣ የፈጠነ መንገድ አለ። ምስሉ ሲነሳ 18 ዓመት ሞልቷችሁ ከነበረ `stopncii.org`፣ ካልሞላችሁ `takeitdown.ncmec.org`። ቪዲዮውን አትልኩላቸውም። እዚያው ስልካችሁ ላይ የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥር ይሠራለታል፣ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ቲክቶክን ጨምሮ የተስማሙት ድርጅቶች በዚያ ቁጥር ለይተው ያግዱታል። ቪዲዮው ተቆርጦ ወይም ተለውጦ ከተለጠፈ ቁጥሩ ላይገጥም ይችላል፣ ያልተስማማ አፕ ላይም አይሠራም። የልጅቷ ዓይነት ለቅሶ ግን እዚህ አይገባም፣ ይህ ለወሲብ ምስል ብቻ ነው።

አሁን ከቲክቶክ ውጪ። ዩቲዩብ የራሱ የግላዊነት አቤቱታ አለው፣ የምትታየው ሰው ራሷ ነው የምታቀርበው፣ ለለጠፈው ሰው 48 ሰዓት ሰጥቶ ካላነሳ እነሱ ያዩታል። ከለጠፈው ሰው ጋር ሳንነጋገር በሁለተኛው ቀን ጠፋ፣ ምናልባት ማስጠንቀቂያው ደርሶት ራሱ አንስቶት ይሆናል። ጉግል ፍለጋ ላይ ግን ትንሿ ፎቶ ለተወሰነ ጊዜ ቀረች። ቪዲዮው ከጠፋ በኋላ ለዚያ የሚሆን ገጽ አለ፦

```
https://search.google.com/search-console/remove-outdated-content
```

ሊንኩን ስትሰጡት የድሮውን ፎቶ ከፍለጋው ያወጣዋል። ቪዲዮው ራሱ ገና ካለ ግን አይሠራም፣ ቅደም ተከተሉን አታሳስቱ።

ቴሌግራም ከሁሉም የከበደን ነው። ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ቻናል `dmca@telegram.org` ላይ የቅጂ መብት ኢሜይል ይላካል፣ የፖስቱን ሊንክና የዋናውን ሊንክ ይዞ። የግል ግሩፕ ውስጥ ላለ ነገር ግን ቴሌግራም አቤቱታ አይቀበልም። ያኔ የቀረው የግሩፑን አስተዳዳሪ በሰው በኩል ማግኘት ብቻ ነው። ሦስቱ ቻናሎች ክፍት ነበሩ። ለአንዱ አስተዳዳሪ የልጅቷ አጎት ደውሎ አናገረው፣ አነሳው። ሁለተኛው በኢሜይሉ ተነሳ። ሦስተኛው እስካሁን አለ።

ይህ ሁሉ 19 ቀን ፈጀ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ደብተሩ ላይ የቀረው አንድ መስመር ብቻ ሲሆን፣ ዋናውን ቪዲዮ ለማጥፋት የተቀመጥነው። ፋይሉን፣ ሊንኩንና ስክሪንሾቱን በሌላ ቦታ አስቀምጠን ነበር። እሷ ግን ጣቷን `Delete` ላይ አድርጋ ቆየችና «ጋሼ፣ ለቴሌግራሟ ካስፈለገችን?» አለችኝ። ልክ ነበረች። `Only you` እንዳለ ተውነው።

በየወሩ መጀመሪያ እሁድ ያን ቻናል ትከፍታለች። ደብተሩ አጠገቧ ነው፣ እናቷም አጠገቧ ናቸው፣ ቡናው እየፈላ።